የጓሮው ክፍል መስመር

የወረታ ሰው መብራት ሲጠፋበት ሁለት ስም ይጠራል፤ መጀመሪያ እመቤቴ ማርያምን፣ ቀጥሎ ይልቃልን። ይልቃልም፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ሲጠሩት የሚዘገይ ሰው አልነበረም። የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ፣ መሰላሉን ባጃጅ ላይ አስሮ ከተፍ ነው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች የግማሹን ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሩዝ መፈልፈያዎቹን ሞተር የሚያክም እሱ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ የሚጠግን እሱ። «እጅህ ይባረክ» ሲሉት ግን አንገቱን ይሰብራል፤ ዓይኑን ከሰው ዓይን ያሸሻል። ሰዉ ትሕትና ይመስለዋል። ምን ትሕትና አለው! የሰውዬው ሆድ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወጣ እሾህ ነበር እንጂ።

የእሾሁ ነገር የጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ አቶ ይርጋለም የተባለው የሩዝ ነጋዴ ሴት ልጁን ሊድር ተነሣ። ለሠርጉ እንግዳ ማሳደሪያ ብሎ ከግቢው ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አንድ ክፍል አሠራ። የክፍሉ የኋላ ግድግዳ የጎረቤቱን የወይዘሮ ባየችን ቤት ታክኮ ነው የቆመው። መብራቱን ይልቃል ሊያስገባ ተስማማ። ሐሙስ ዕለት ሽቦው አለቀበት። ከፊተኛው ቤት እስከ ጓሮው ሠላሳ ሜትር ያህል ይቀራል፤ የከተማውን ሱቅ ሁሉ ቢዞር ያ ዓይነት ሽቦ የለም። ሠርጉ እሑድ ነው። ይርጋለም ደግሞ «እንግዳዬን በኩራዝ ላሳድር ነው ወይ?» እያለ ግቢውን በጩኸት ሞላው።

ይልቃል መሰላሉ ላይ እንደቆመ ቀና ሲል የባየች ቤት መስመር ከግድግዳው ማዶ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ታየው። ያንንም የዘረጋው ራሱ ነው። «ለጊዜው ነው» አለ ለራሱ። «ሰኞ ሽቦ ከባሕር ዳር አስመጥቼ እመልሰዋለሁ።» ከባየች መስመር ቀጠለና የሠርጉን ክፍል ቦግ አደረገው። እልልታው ቀለጠ።

አይ «ለጊዜው»! ስንቱን ቤት አፍርሷል ይህ ቃል! ሰኞ ሽቦው አልመጣም። ረቡዕ ይልቃል ለሌላ ሥራ ተጠራ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ከዚያ ፋሲካ ሆነ፣ ከዚያም ጭራሹን ረሳው። ይርጋለም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለሱ መብራቱ በርቷል፣ በቃ። ባየችም የምታውቀው የለም። ቆጣሪዋ ግን የጎረቤቷን ክፍል ተሸክሞ መዞር ጀመረ።

ወይዘሮ ባየች ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረች፣ እግዜር ልጅ ያልሰጣት ሴት ነበረች። ከጎኗ አንድ ክፍል ለአማከለች አከራይታለች። አማከለች ከጣራ ገዳም በኩል የመጣች፣ ሽንኩርት የምትነግድ፣ ሳቂታ ወጣት ናት። ኪራይና ተከራይ የተባለው ነገር በሦስት ወሩ ቀረ። ሁለቱ ከአንድ መሶብ ይበሉ ጀመር። አማከለች ልጅ ስትወልድ የክርስትና እናት የሆነችው ባየች ናት። ይህ በእኛ አገር ቀላል ዝምድና እንዳይመስላችሁ፤ ከሥጋ ዘመድ የሚያይል ነው።

በዘጠና ስምንት ይርጋለም ያን የጓሮ ክፍል ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ አከራየ። ሰውዬው ማቀዝቀዣም አለው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም አለው። የባየች ቆጣሪ አበደ። ወረቀቱ በመጣ ቁጥር እሷ ጭንቅላቷን ትይዛለች። ቤቷ ውስጥ ያለው አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ። ጎረቤት ደግሞ መቼም አፍ አያጣም፤ «ተከራይሽ በርሽን ዘግተሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ በምድጃ ትቀቅል ይሆናል» አሏት። ባየች ጠየቀቻት። አማከለች ማለች፣ ተገዘተች። «እመዬ፣ ሽንኩርት ከሰል ላይ ነው የማቁላላው፣ ሽታውን እንኳ ያውቁታል!» አለች። መተማመን አልቻሉም። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማሙ። ይልቃል መጥቶ መስመሩን ይመርምር፤ እሱ ያለውን እንቀበላለን አሉ።

ይልቃል መጣ። መሬቱ ዝናብ ስላረጠበው መሰላሉ ይንሸራተት ነበርና አማከለች በሁለት እጇ ያዘችለት። «ደኅና አድርገህ እየው አያ ይልቃል» አለችው ከታች ሆና። «ስሜን አውጣልኝ።»

ጣራው ሥር ሲደርስ የገዛ እጁን ሥራ አየ። ያቺ የቀጠላት ሽቦ፣ በጥቁር ፕላስተር የጠቀለላት፣ እዚያው አለች። እግዚኦ! «ተናገር» አለው አንድ ልቡ። ሌላው ልቡ ግን ፈጠነ። ይርጋለም ምን ይላል? ከተማው ምን ይላል? መስመር ሰራቂ ከተባለ ማን ደጁን ይከፍትለታል? ከራስ በላይ ነፋስ አለና ወረደ።

«ከመስመሩ ምንም የለ» አለ።

«እንግዲያስ ምንድን ነው?» አለች ባየች።

«እንግዲህ... የሚጠቀም ሰው ነው የሚያውቀው።»

ይኸው ነው ያለው። ሌባ አላላት፣ ስም አልጠራ። ግን ምን ቀረው? ባየች ፊቷን ከአማከለች አዞረች። አማከለች መሰላሉን እንደያዘች ቀረች፤ እንባዋ እንኳ አልወጣም። በዚያው ሳምንት ልጇን አዝላ ወደ ይፋግ ሄደች። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ የጓሮው ክፍል ሠራተኛም በወሩ ተዛወረና ክፍሉ የሩዝ ማከማቻ ሆነ። የባየች ቆጣሪ ቀዝቀዝ አለ። «ይኸው!» አለች ባየች በየደረሰችበት። «እርሷ ስትሄድ በረከቴ ተመለሰ!» ይልቃል ይህን የሰማ ዕለት ምሳውን ትቶ ተነሣ። መስመሩን በድብቅ ልመልሰው ቢል መሰላሉን በባየች ግድግዳ ላይ ሊያቆም ነው፤ ምን ብሎ? ከዚያ በኋላ ያን መንገድ ትቶ በዞረበት ይሄድ ጀመር።

ዓመቱ ተቆጠረ። ሁለት ሺህ ዐሥር ላይ ይርጋለም ደወለለት። «የጓሮውን ክፍል ለአስተማሪ አከራይቼዋለሁ። ኢንተርኔት አስቸግሯታል። ናማ እየው!» አለው። ይልቃል «ሥራ በዝቶብኛል» ሊል ነበር፤ ይርጋለም ግን ስልኩን ዘግቶታል።

አስተማሪዋ ነፃነት ትባላለች፤ ፊዚክስ ልታስተምር ከአዲስ አበባ የመጣች ናት። ከቴሌቪዥኗ ሥር ፕሌይስቴሽን አስቀምጣለች። ይልቃልን ገረመው፤ ይህን ዕቃ ወጣት ወንዶች በየጨዋታ ቤቱ ሲተራመሱበት ነው የሚያውቀው።

«እኔና ወንድሜ እሑድ እሑድ ኳስ እንጫወትበታለን ጋሽ ይልቃል» አለችው ፈገግ ብላ። «ወንዴ ይባላል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ስልክ ላይ ቃል አይወጣውም። ጨዋታ ላይ ሲሆን ግን ማዳመጫውን አድርጎ ያወራኛል። በየመሃሉ እየተቋረጠ ግን ተቸገርን። ትናንት ስለ እማዬ ሊነግረኝ ጀምሮ ተቆረጠ።»

ኢንተርኔቱ የሚገባው በስልክ መስመር ነው፤ ኢንተርኔቱን ተቀብሎ የሚያሠራጨው ራውተርም ከፊተኛው ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። በአየር የሚመጣው ሲግናል ወፍራሙን የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮውን አልፎ ጓሮ ሲደርስ ሞቶ ነው የሚደርሰው። ገመድ እንዳይዘረጋ፣ ግቢው ሩዝ ይሰጣበታል፣ ጋሪ ይመላለስበታል፤ ይርጋለምም አዲስ የተቀባ ግድግዳውን አታስበሱብኝ ብሏል። ስለዚህ ነፃነት ከአዲስ አበባ ሌላ ዘዴ አስመጥታለች። ከካርቶን ውስጥ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ነጫጭ ነገሮች አወጣች። ባለ ሶኬት ናቸው።

«ፓወርላይን ይባላሉ» አለች። «አንዷን ከራውተሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰክተን በአጭር ገመድ ከራውተሩ ጋር እናገናኛታለን። ሁለተኛዋን እዚህ እንሰካና በአጭር ገመድ ከፕሌይስቴሽኑ ጋር። መሀሉን ኢንተርኔቱ በቤቱ የመብራት ሽቦ ውስጥ ይሄዳል።»

«በመብራት ሽቦ?» አለ ይልቃል። «ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽቦ ስዘረጋ ይህን የነገረኝ የለም!»

መጀመሪያ ሁለቱንም ሳሎን ውስጥ ሰክተው አስተዋወቋቸው፤ ቁልፋቸውን ሲጫኑ ትንሿ መብራት በሁለቱም ላይ አረንጓዴ ሆነች። ነፃነት አጨበጨበች። አንዷን ይዘው ወደ ጓሮው ሄዱና ሰኩ። የኃይሏ መብራት በራች፤ የመገናኛዋ ግን ቀይ።

«ቆይ» አለ ይልቃል። ሳሎን ተመልሶ ሲያይ ይርጋለም ለዕቃዋ አዝኖ ፓወርላይኗን ከስታቢላይዘሩ ላይ ሰክቷታል። መቼም ወረታ ውስጥ ስታቢላይዘር ሳይኖር ዕቃ የሚሰካ የለም፤ መብራቱ ሲዋዥቅ ስንቱን ቴሌቪዥን በልቷል! ይልቃል ግን ነገሩን ወዲያው ተረዳው። ስታቢላይዘሩ መብራቱን እያጣራ የሚያሳልፍ ነውና፣ በሽቦው ላይ የምትሄደውን ረቂቅ ሲግናልም አብሮ ያስቀራታል። ነቅሎ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካት። ሮጦ ጓሮ ገባ። አሁንም ቀይ።

ነፃነት የመመሪያውን ወረቀት ገልጣ ታነብ ነበር። «ሁለቱም ከአንድ ቆጣሪ ሥር ባለ መስመር ላይ መሆን አለባቸው ይላል። ቆጣሪው ከተለያየ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ግን ይሄ አንድ ግቢ ነው፣ ቆጣሪውም አንድ ነው፤ አይደል ጋሽ ይልቃል?»

ይልቃል ቀይዋን መብራት አፍጥጦ አያት። ዓይኑን ሊነቅል አልቻለም። ሁለቱ ቤቶች ከምሰሶው ጀምሮ መንገዳቸው ለየቅል መሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ዐሥራ ሁለት ዓመት ማንም ያልጠየቀውን ነገር ይቺ ጣት የማታህል መብራት ጠየቀችው።

«ሽቦው አርጅቷል» አለ። «እርጅና ነው። በሌላ ዘዴ እሠራልሻለሁ።»

ደግሞ ሌላ ውሸት! ግን ቃሉን ጠበቀ፤ ባልጠበቀው ይሻል ነበር። ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሜሽ የሚባለውን ባለ ሁለት ሣጥን መሣሪያ ይዞ መጣ። ነፃነት ዋጋውን ስትጠይቀው «ኋላ እንነጋገራለን» ብሎ አለፈው። አንደኛውን ሣጥን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝቶ ጓሮውን በሚያየው በሳሎኑ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ሁለተኛውን በጓሮው ክፍል መስኮት ላይ፣ ልክ ትይዩ። ሁለቱ በአየር ይነጋገራሉ፤ ከመስኮት መስኮት ስለሆነ ግድግዳው አያግዳቸውም። ከሁለተኛው ሣጥን አጭር ገመድ አውጥቶ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ሰካ። ሠራ!

ነፃነት ማዳመጫዋን አድርጋ ጨዋታ ጀመረች። ሩብ ሰዓት ሙሉ አንዴም አልተቋረጠ። ዘወር ብላ አየችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ወንዴ፣ ‹ያስተካከለልሽን ሰው መርቂልኝ፣ እጁ ይባረክ በይልኝ› አለ» አለችው።

ይልቃል ሣጥኑ የተሰካበትን ሶኬት አየ። ይኸም የሚጠጣው ከባየች ቆጣሪ ነው። በበደሉ ላይ ሌላ ጨምሮባት ምርቃት እየተቀበለ! መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

መሰላሉን ተሸክሞ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ የባየች በር ገርበብ ብሎ ኖሯል።

«ይልቃል ነህ?» አለች ድምፅ። «የእግርህን ኮቴ እማላውቅ መሰለህ? ግባ እንጂ!»

ገባ። ባየች አርጅታለች። ሪህ እግሯን ይዟት መደብ ላይ ተቀምጣለች። ያ የአማከለች ክፍል በሩ ተዘግቶ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ምነው ጠፋህ የኔ ልጅ? ዐሥር ዓመት አለፈህ ደጄን ሳትረግጥ።»

«ሥራ ነው እትዬ።»

«እግዜር ይርዳህ። እኔማ ከዚያች ከዳተኛ ወዲህ ሰው አስገብቼ አላውቅም። ማንን አምኜ? ይኸው ውሃ የሚያቀብለኝ እንኳ የለ።» ነጠላዋን ሳበችና ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለች። «አንዳንዴ ልጇ፣ የክርስትና ልጄ፣ ትመጣብኛለች በሕልሜ። ምናልባት በድያት ይሆን እላለሁ። ግን ወዲያው አንተ ትዝ ትለኛለህ። ይልቃል አይቶታል እላለሁ። አንተ ባታይልኝ ኖሮ ይኸኔ ጸጸት ገድሎኝ ነበር። ነፍሴን ያሳረፍህ አንተ ነህ።»

ይልቃል ተነሥቶ ወጣ፤ ደኅና ዋይ እንኳ አላለም። እበሩ ላይ ሲደርስ መሰላሉን መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ በላይ አንድ እርምጃ መሄድ አልቻለም። ሴትዮዋ በሱ ውሸት ላይ ተደግፋ ስትኖር ኖራለች! ልጇን የመሰለች ሴት አስወጥቶባት፣ በጓዳዋ ብቻዋን አስቀርቶ፣ ጭራሽ ነፍሴን ያሳረፍህ ተባለ!

ተመለሰ። ቆሞ፣ ሁሉንም እንዳለ ነገራት። ሠርጉን፣ ሽቦውን፣ ያን ቀን መሰላሉ ላይ ሆኖ ያየውን። ሲጨርስ ባየች ትክ ብላ አየችው።

«አማከለች ናት የላከችህ» አለች።

«ኧረ እትዬ!»

«እርሷ ናት! አዝነህላት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ወዴት ነበርህ?»

«ከቆጣሪዎ ሥር ያለውን ማጥፊያ ልዝጋውና የጓሮው ክፍል ይጨልማል። እዚያ ያለችውን አስተማሪ ይጠይቋት...»

«እኔ ከዚህ ሆኜ በምን አየዋለሁ? ጨለመ የምትለኝ አንተ። በአንተ ዓይን አንዴ አምኛለሁ፤ አይበቃም?»

እውነቷን ነው። ከዚያ ለይልቃል አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ሮጦ ጓሮ ገባና ነፃነትን ጨዋታዋን አስቆማት፤ በሁለት ቃል ነገሩን ነገራት። ነፃነት አፏን በእጇ ያዘች። «ለካ ለዚህ ነው ቀይ የሆነችው» አለች ቀስ ብላ። ዓይኑን አላየችውም። ከካርቶኑ ሁለቱን ፓወርላይኖች አውጥታ አንዷን ሰጠችው።

ባየች ቤት ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ ሬዲዮው የሚሰካበት። ይልቃል ሬዲዮውን ነቅሎ ፓወርላይኗን ሰካ። ቀይ ሆነች።

«እትዬ፣ ይቺ ቀይ መብራት ትታይዎታለች? እኅቷ ከይርጋለም ጓሮ፣ ከዚህ ግድግዳ ማዶ፣ በአስተማሪዋ እጅ ናት። አንድ ቆጣሪ ላይ ያለን ሽቦ ካላገኘች እኅቷን አታውቃትም። የይርጋለም ሳሎን ላይ ስንሰካት ከጓሮው ጋር አልተዋወቁም። እርስዎ ራስዎ ይዘዙ። ስኪ ይበሏት።»

ባየች በጥርጣሬ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ጮኸች። «አንቺ ልጅ! ስኪ!»

ከማዶ «እሺ እማማ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ባየች ከንፈሯን ልትመጥ ስትል ቀይዋ መብራት ጠፋች፤ ብልጭ ብልጭ አለችና አረንጓዴ ሆና ቆመች።

«ንቀይ!» አለች ባየች። ቀይ ሆነች።

«ስኪ!» አረንጓዴ።

አራት ጊዜ አስነቀለቻት፣ አራት ጊዜ አስሰካቻት። ድምፅዋ እየደከመ ሄደ። በመጨረሻ መናገር ተወችና አረንጓዴዋን መብራት ብቻ ማየት ጀመረች። ይልቃል «ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር» አለ በሆዱ።

«ያን ቀን» አለች ባየች፣ «ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር እትዬ።»

«ታውቅ ነበር።» ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች። «እኔስ ሳላውቅ ነው የበደልሁ። ልጄን እኮ ነው ያባረርሁ። ያቺን ሕፃን ከጥምቀቷ ተቀብዬ ያቀፍሁ እኔ ነኝ።»

ይልቃል ተንበርክኮ ጉልበቷን ሊስም ሲል እግሯን ሰበሰበች። «እኔን አትለምን» አለችው። «ይቅርታ ከኔ ዘንድ የለም፤ ይፋግ ነው ያለው። የፊታችን ገበያ ትወስደኛለህ። የምትናገርም አንተ ነህ፤ እኔ ምን አፍ አለኝ?»

በማግስቱ ይልቃል ሠላሳ ሜትር ሽቦ ገዝቶ መስመሩን ከፊተኛው ቤት አስገባ። ይርጋለም ነገሩን ሲሰማ ክው አለና የተወሰደውን ሁሉ ልመልስ ብሎ ለባየች ሰው ላከ፤ እሷ ግን ይቆይ፣ አሁን እሱ አይደለም የቸገረኝ ብላ መለሰችው። ነፃነት ፓወርላይኖቿን ሳሎንና ጓሮ ላይ ሰክታ ሞከረች፤ አሁን አረንጓዴ ሆኑ። የሜሽ ሣጥኖቹን አጥፋ ለይልቃል ሰጠችው። «አመሰግናለሁ» አለችው፤ ካለፈው ጊዜ ይልቅ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ይገባዋል።

በገበያው ቀን ይልቃል ባየችን ደግፎ ሚኒባስ አሳፍሮ ይፋግ ወሰዳት። ከመስኮቱ ውጭ ሜዳው ታጭዶ በሬዎች ቃርሚያ ይበላሉ። ይልቃል የሚናገረውን በሆዱ ያሰናዳል፤ ያፈርሳል፤ እንደገና ያሰናዳል።

አማከለችን ከሽንኩርት ተራው ዳር፣ ከጆንያ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ባየችን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ሚዛኑ ከእጇ ወደቀ። ባየች ተንደርድራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ያ የታመመ እግር እንዴት እንደቻለ እንጃ። ሁለቱም አለቀሱ። ሰዉ ቆሞ ያያል።

ከዚያ ይልቃል ተናገረ። ያሰናዳው ነገር ሁሉ ጠፍቶበት እየተንተባተበ ተናገረ። ሽቦውን፣ ፍርሃቱን፣ «የሚጠቀም ሰው ነው የሚያውቀው» ያላትን። ቆጥቦ የተወው ነገር የለም። አንገቱን ደፍቶ ስድቧን ጠበቀ።

አማከለች አልሰደበችውም። የወደቀውን ሚዛን አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ያን ቀን ከታች ወደ ላይ እንዳየችው ሁሉ፣ ፊቱን አየችው።

«አያ ይልቃል» አለች፣ «እንዳትወድቅ መሰላሉን የያዝሁልህ እኮ እኔ ነበርሁ።»

አማከለች የባየችን እጅ ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት፤ እሱንም «ና» አላለችውም፣ «ሂድ»ም አላለችውም። እሱም ከሽንኩርቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ እስኪመለሱ ድረስ ዕቃዋን ሲጠብቅላት ዋለ።